ስክሪን ላይ 60፣ ወረቀት ላይ 18

አንድ ድርጅት የሽያጭ ዳሽቦርዱን በፓወር ቢአይ ሠራ እንበል። የ60 ቅርንጫፎቹ ሰንጠረዥ ስክሪን ላይ ወደ ታች እየተጎተተ ይነበባል። ፒዲኤፍ ሆኖ ሲወጣ ግን የሚታዩት 18 ቅርንጫፎች ብቻ ናቸው። 42ቱ የት ገቡ?

ፕሮግራሙ እያንዳንዱን የሪፖርት ገጽ ፎቶ እንደሚያነሳ ሰው በወቅቱ የሚታየውን ብቻ ይወስዳል፤ ወረቀት ደግሞ አይጎተትም። ከሰንጠረዡ ጎን የመጎተቻ አሞሌ ከታየ ከሥሩ የተደበቀ መረጃ አለ ማለት ነው። ለአለቃ ከመላኩ በፊት ይህችን አሞሌ መፈለግ ብዙ እፍረት ያስቀራል።

የፊደሉ ማነስ ምክንያቱ ሌላ ነው። የተለመደው የሪፖርት ገጽ 1280 በ720 ፒክስል ሲሆን፣ በ96 ፒክስል በኢንች ሲሰላ ስፋቱ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አግድም የተቀመጠ ኤ4 ወረቀት ግን 29.7 ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ይጨመቃል፤ መጠኑ 9 የነበረው ፊደል ከ8 በታች ይወርዳል። መፍትሔው ገና ከጅምሩ Canvas settings ውስጥ Custom መርጦ 1123 በ794 ማስገባት ነው።

ስልሳውም ቅርንጫፎች የግድ መታየት ካለባቸው ሰንጠረዡ በPower BI Report Builder ይሠራ። እሱ ረድፎቹን ገጽ በገጽ ያፈሳል፣ ከታዘዘም ርዕሱን በየገጹ ይደግማል። የሰንጠረዡ ገጽ ስፋት ከግራና ቀኝ ኅዳጎች ጋር ተደምሮ 29.7ን ካለፈ ግን በየመሃሉ ባዶ ገጽ ይወጣል።