የትርፍ መጋራትና የሠራተኞች ባለአክሲዮንነት

የትርፍ መጋራት ማለት አንድ ድርጅት ከዓመታዊ ትርፉ ላይ የተወሰነውን ክፍል አስቀድሞ በታወቀ ስሌት ለሠራተኞቹ የሚያካፍልበት አሠራር ነው። የሠራተኞች ባለአክሲዮንነት ዕቅድ ደግሞ ሠራተኞች የሚሠሩበት ድርጅት የአክሲዮን ባለቤት የሚሆኑበት ሥርዓት ነው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ከቦነስ ጋር ይምታታሉ። በአማርኛ ነገሩን ይበልጥ የሚያደናግረው «የትርፍ ክፍፍል» የሚለው አባባል ለባለአክሲዮኖች ለሚከፈለው ዲቪደንድም ማገልገሉ ነው። ዲቪደንድ ገንዘቡን ላዋጣ ሰው የሚከፈል ሲሆን፣ በትርፍ መጋራት ግን ተከፋዩ ሠራተኛው ነው፤ አንድም አክሲዮን ላይኖረው ይችላል።

== ቦነስ ==

ቦነስ በመሠረቱ የአሠሪው ውሳኔ ነው። በኢትዮጵያ ለምሳሌ ባንኮች የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ «የሁለት ወር ደመወዝ» ወይም «የሦስት ወር ደመወዝ» እያሉ ቦነስ መስጠታቸው የተለመደ ነው። መጠኑን የሚወስነው ቦርዱ ነው። ትርፍ ጥሩ ሆኖም ቦነስ ላይሰጥ፣ ትርፍ ቀንሶም ሊሰጥ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቦነስን ከደመወዝ ትርጉም ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ በደመወዝ ላይ ተመሥርቶ የሚሰላ እንደ ስንብት ያለ ክፍያ ሲታሰብ ቦነስ አይደመርም። በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ውል ላይ ግልጽ ቃል ካልተገባ በስተቀር ሠራተኛው «ይገባኛል» ብሎ የሚከራከርበት ነገር ጥቂት ነው።

== የትርፍ መጋራት፦ የፈረንሳይ ስሌት ==

የትርፍ መጋራትን ከቦነስ የሚለየው ስሌቱ ነው። ይህ በግልጽ የሚታየው በፈረንሳይ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በደ ጎል ዘመን የወጣ ድንጋጌ ትልልቅ ድርጅቶች ትርፋቸውን ከሠራተኞች ጋር እንዲጋሩ አስገደደ። ዛሬ ግዴታው 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች ይመለከታል። የሕጉ ስሌት ይህ ነው፦

```
RSP = 1/2 × (B − 5% × C) × (S / VA)
```

RSP ለሠራተኞች የሚካፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። B ከግብር በኋላ የቀረው ትርፍ፣ C የባለቤቶቹ ካፒታል፣ S ጠቅላላ ደመወዝ፣ VA ደግሞ ድርጅቱ የፈጠረው ተጨማሪ እሴት ነው። ሐሳቡ ከተገለጠ ቀላል ነው። መጀመሪያ ካፒታል ላዋጡት 5 በመቶ ይተውላቸዋል። ከቀረው ትርፍ የሠራተኛው ጉልበት ያበረከተው ምን ያህል እንደሆነ በደመወዝና በተጨማሪ እሴት ንጽጽር ይገመታል። ከዚያ ግማሹ ለሠራተኞች ይሆናል።

200 ሠራተኞች ያሉት አንድ ድርጅት እንውሰድ። ትርፉ 10 ሚሊዮን ዩሮ፣ ካፒታሉ 40 ሚሊዮን፣ ደመወዙ 12 ሚሊዮን፣ ተጨማሪ እሴቱ 24 ሚሊዮን ነው። የ40 ሚሊዮን 5 በመቶ 2 ሚሊዮን ስለሆነ 8 ሚሊዮን ይቀራል። የደመወዙ ድርሻ ግማሽ ነው፤ ስለዚህ 4 ሚሊዮን፣ የዚያም ግማሽ 2 ሚሊዮን ይሆናል። እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 10,000 ዩሮ ይደርሰዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ትርፉ ወደ 3 ሚሊዮን ቢወርድ ግን የሚካፈለው 250,000 ዩሮ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው 1,250። ትርፉ የቀነሰው በ70 በመቶ ሲሆን የሠራተኛው ድርሻ ግን ከ87 በመቶ በላይ ቀንሷል። ትርፉ 2 ሚሊዮን ከሆነ ደግሞ ምንም የለም።

ገንዘቡን ሠራተኛው ወዲያው ሊወስደው ይችላል፤ ያኔ የገቢ ግብር ይከፍልበታል። ለአምስት ዓመት እንዲቀመጥ ከፈቀደ ግን ከገቢ ግብሩ ነፃ ይሆናል።

ስሌቱ የታወቀ መሆኑ ክርክርን ሁሉ አያስቀርም። ወደ ስሌቱ የሚገቡት ቁጥሮች የሚመጡት ከድርጅቱ ሒሳብ ነው። ብዙ አገር ውስጥ የሚሠራ ኩባንያ ትርፉን በሌላ አገር ባለ እኅት ኩባንያው መዝገብ ላይ እንዲታይ ካደረገ፣ B ያንሳል፤ የሠራተኞቹም ድርሻ አብሮ ይጠፋል። በኦዲተር ወይም በግብር ባለሥልጣን የተረጋገጠ የትርፍ ቁጥርን ደግሞ ሠራተኞች በዚህ ጉዳይ ሊሞግቱት አይችሉም።

== ባለአክሲዮንነት፦ የአሜሪካው ኢሶፕ ==

በዩናይትድ ስቴትስ የተስፋፋው የሠራተኞች ባለአክሲዮንነት ዕቅድ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኢሶፕ ይባላል። መነሻው የሳን ፍራንሲስኮው ጠበቃ ሉዊስ ኬልሶ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. በፓሎ አልቶ ከተማ የአንድ ጋዜጣ ድርጅት ባለቤቶች ጡረታ ሊወጡ ሲሉ፣ ሠራተኞቹ ድርጅቱን መግዛት የሚችሉበትን መንገድ ቀየሰ። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የጡረታ ሕግ ለአሠራሩ ሕጋዊ መሠረት ሰጠው።

ብልኃቱ ሠራተኛው ከኪሱ ምንም አለማውጣቱ ነው። ባለቤቱ 1 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ20 ዶላር፣ በድምሩ በ20 ሚሊዮን ይሸጣል እንበል። ገዢው ለሠራተኞች ጥቅም የተቋቋመ የአደራ ተቋም ነው፤ ገንዘቡን የሚያገኘውም በብድር ነው። ድርጅቱ ብድሩን በአሥር ዓመት ለመክፈል በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ዶላርና ወለዱን ወደ አደራው ያስገባል። በየዓመቱ ብድሩ በተከፈለ ቁጥር 100,000 አክሲዮኖች ከመያዣ ይለቀቁና እንደየደመወዙ መጠን ለሠራተኞች ስም ይመዘገባሉ። የድርጅቱ ዓመታዊ ደመወዝ 10 ሚሊዮን ቢሆንና አንዲት ሠራተኛ 50,000 ዶላር ብታገኝ፣ ድርሻዋ ግማሽ በመቶ ነው፤ በዓመት 500 አክሲዮን።

ከአራት ዓመት በኋላ በስሟ 2,000 አክሲዮኖች አሉ። ሥራ ብትለቅ ግን ሁሉንም አትወስድም። በብዙ ዕቅዶች መብቱ የሚጸናው ደረጃ በደረጃ ነው፦ በሁለተኛው ዓመት 20 በመቶ፣ ከዚያ በየዓመቱ 20 እየጨመረ በስድስተኛው ዓመት ይሞላል። በአራተኛው ዓመት ላይ 60 በመቶ፣ ማለትም 1,200 አክሲዮን የእርሷ ነው። የቀረው 800 ለባልደረቦቿ ይከፋፈላል።

ዋጋውስ? አክሲዮኑ በገበያ የማይሸጥ ከሆነ በየዓመቱ ገለልተኛ ገማች ይተምነዋል። ድርጅቱ ብድር ስለተሸከመ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግምቱ ከመግዣው ዋጋ በታች መውረዱ የተለመደ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የመጀመሪያውን የሒሳብ መግለጫ ሲያይ ይደነግጣል። ዋጋው 15 ዶላር ከተባለ የእርሷ 1,200 አክሲዮን 18,000 ዶላር ያወጣል። ድርጅቱ መልሶ የመግዛት ግዴታ አለበት፤ ነገር ግን ከጡረታ በፊት ለለቀቀ ሰው ክፍያውን ለዓመታት ማዘግየትና ከዚያም በአምስት ዓመት ከፋፍሎ መስጠት ይፈቀድለታል። ቦነስ ግን በተከፈለበት ቀን በኪስ ነው።

== ደመወዝና ቁጠባ በአንድ ቦታ ==

የኢሶፕ ትልቁ አደጋ ሠራተኛው ደመወዙንም የእርጅና ቁጠባውንም በአንድ ድርጅት ላይ ማሳረፉ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች፣ መካኒኮችና ሌሎች ሠራተኞች የደመወዝ ቅነሳ ተቀብለው በምትኩ የኩባንያውን 55 በመቶ ባለቤትነት አገኙ። የበረራ አስተናጋጆቹ በስምምነቱ አልገቡም። በታኅሣሥ 2002 ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ አክሲዮኑ ዋጋ አጣ። የተቀነሰው ደመወዝም አልተመለሰም፤ ብዙዎችም ሥራቸውን አጡ።

ሕጉ ለዚህ አደጋ ያበጀው መከላከያ ከፊል ነው። ዕድሜው 55 የሞላና በዕቅዱ ውስጥ 10 ዓመት የቆየ ሠራተኛ እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ድርሻ ወደ ሌላ መዋዕለ ንዋይ እንዲቀየርለት መጠየቅ ይችላል። ከዚያ በታች ዕድሜ ላይ ላለ ሠራተኛ ሕጉ ይህን መብት አይሰጥም። በዚህ ምክንያት ኢሶፕ ያለው ድርጅት ከዚያ ውጭ ሌላ የጡረታ ቁጠባ ዕቅድ አለው ወይ የሚለው ጥያቄ፣ ከአክሲዮኑ ዋጋ ቀጥሎ ሠራተኛው ሊያየው የሚገባ ነገር ነው።