የብረት በር ለምን ከታች ይዝጋል?

እስኪ የግቢያችሁን የብረት በር ጎንበስ ብላችሁ ከታች እዩት። ላዩ ደህና ነው፤ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ጫፍ ግን ቀለሙ አብጦ ቡናማ ሆኗል። እኛም ሰፈር አምና የተቀባ በር ዘንድሮ እንደዚያው ሆኖ ስናገኘው ነው ጉዳዩን ማገላበጥ የጀመርነው።

ብረት እንዲዝግ ውሃም ኦክስጅንም ያስፈልገዋል። አንዲት የውሃ ጠብታ ብረት ላይ ስታርፍ ከአየር የሚመጣው ኦክስጅን በብዛት የሚደርሰው ዳሯ ላይ ነው፣ መሃሏ ላይ ያንሳል። በዚህ ልዩነት ጠብታዋ እንደ ትንሽዬ ባትሪ ትሆናለች። መሃል ላይ ያለው ብረት ወደ ውሃው ይሟሟል፣ ኤሌክትሮኖቹ ደግሞ በብረቱ ውስጥ አልፈው ወደ ዳር ይሄዳሉ። ቡናማው ዝገት ሌላ ቦታ ተከማችቶ ብረቱ ሌላ ቦታ የሚበሳው ለዚህ ነው። ቀለም ስር የተደበቀ እርጥበትም ይህንኑ ይሠራል።

ዝገት ደግሞ ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ቀለሙን ከስር ገፍቶ ይነሳል፣ ይሰነጥቀዋል። እንደ ስፖንጅ ውሃ ስለሚይዝ ብረቱ ቶሎ አይደርቅም። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ግን ስስ ሆኖ ላዩ ላይ ስለሚጣበቅ ከስር ያለውን ይጠብቃል።

በሩ ከታች የሚጀምረው እንግዲህ ዝናብ እየተፈናጠረ፣ ጭቃ እየተለጠፈበት ስለሚውል ነው። ከሁሉ የከፋው ቱቦላሬው ውስጥ የሚገባው ውሃ ነው። መውጫ ስለሌለው እዚያው ይቀመጣል፣ ከውጪ የቱንም ያህል ብትቀቡት ከውስጥ ይበላዋል። በመሰርሰሪያ ከታች 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ቀዳዳ ማውጣት ብዙ ሰው የማያስበው ግን ትልቁ መፍትሄ ነው።

ለመቀባት ደረቅ ቀን ምረጡ፣ ጠዋት ጤዛ ሳይጠፋ አትጀምሩ። ያበጠውን ቀለም ፋቁት፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብረቀርቅ አንሱት። አቧራውንና ቅባቱን በሳሙና ውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ከዚያ በዚያው ቀን አንቲረስት ቀቡ፤ ራቁቱን የቀረ ብረት ካደረ እንደገና መዝገግ ይጀምራል። ሹል ጠርዝና ብየዳ ላይ ቀለም ስለሚሳሳ እነዚህን መጀመሪያ ለብቻ በብሩሽ ቀብታችሁ ሙሉውን ደግሙት። ሲደርቅ የላይኛው ቀለም ሁለት ጊዜ ይመጣል። ዝገት ላይ ቀጥታ ቀለም መደረብ ግን፣ ሁላችንም የምናደርገው ቢሆንም፣ ለአንድ ክረምት ብቻ ማሳመር ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይዛችሁ የዛገውን ቦታ ጫን በሉት። ካልገባ ቀለም ይበቃዋል። ከበሳው ግን ቀለም አይገዛለትም፣ ያንን ክፍል ቆርጦ አዲስ ላሜራ የሚበይድ ሰው ጥሩ።