ልብሱ ሲቀየር ብርሃኑ እንዳይቀየር

ቤት ውስጥ በተነሳ ፎቶ ላይ የአንድ ሰው ልብስ በኮምፒውተር ሲቀየር፣ አዲሱ ልብስ ብዙ ጊዜ የተለጠፈ ይመስላል። ለዚህ ዋናው ምክንያት የአቆራረጥ ጉድለት ሳይሆን የብርሃን አለመስማማት ነው። ፊቱ ከግራ ልብሱ ከቀኝ ከበራ፣ ወይም ፊቱ የአምፖል ቢጫ ለብሶ ልብሱ ስቱዲዮ ውስጥ እንደተነሳ ከነጣ፣ ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር ባይችልም ዓይኑ አይቀበለውም። ፎቶ ቤቶች ለጉርድ ፎቶ ሱፍና ከረባት ሲያለብሱ ይህ ችግር እምብዛም አይገጥማቸውም፤ እዚያ ብርሃኑ ከፊት ለፊት፣ እኩልና አንድ ዓይነት ነው። ሳሎን ውስጥ የተነሳ ፎቶ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ብርሃን አለው።

ለምሳሌ አንዲት ሴት ሶፋ ላይ ተቀምጣ የተነሳችውን ፎቶ እንውሰድ። በፎቶው ግራ በኩል ሰፊ መስኮት አለ፤ በቀኝ በኩል ከበላይዋ ቢጫ አምፖል በርቷል። የለበሰችው ጥቁር ግራጫ ሹራብ ሲሆን ከውስጡ የነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ይታያል። ይህ ልብስ በነጭ የሐበሻ ቀሚስ ይተካ ተብሏል። ነጭ ልብስ የብርሃንን ቀለም ከማንኛውም ልብስ ይበልጥ ስለሚያጋልጥ ከባዱ ሥራ ይህ ነው።

አሮጌው ልብስ ከመጥፋቱ በፊት መነበብ አለበት። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ በትክክል የሚያውቀው እሱ ነውና። ንባቡ ከዓይን ይጀምራል፤ በብሌኑ ላይ ከላይ በግራ አራት ማዕዘን ነጸብራቅ ካለ መስኮቱ ነው፣ በቀኝ ያለችው ትንሽ ክብ ነጥብ አምፖሉ ናት። ቀጥሎ የአፍንጫና የአገጭ ጥላ ወዴት እንደወደቀ ይታያል። የጥላው ጠርዝም ይናገራል፤ ሰፊው መስኮት የሚሠራው ጥላ ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ሲሆን የአምፖሉ ጥላ ግን ጠርዙ የተሳለ ነው። በመጨረሻ የሹራቡ እጥፋቶች ይታያሉ፤ የትኛው ጎናቸው እንደበራ በፊት ላይ የታየውን ማረጋገጥ አለበት።

የቀለም ሙቀት የሚለካው በኬልቪን ነው። የድሮው ባለ ክር አምፖል ወደ 2,700 ኬልቪን ገደማ፣ የካሜራ ፍላሽ 5,500 አካባቢ፣ ደመናማ ሰማይ ደግሞ 6,500 ገደማ ይሰጣል። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫና ብርቱካን፣ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ያደላል። ካሜራው ለአንድ ፎቶ የሚመርጠው አንድ ሚዛን ብቻ ስለሆነ፣ መስኮትና አምፖል በተገናኙበት ክፍል ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነጭ ማድረግ አይችልም። መካከለኛውን ይይዛል፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ጎን ጥቂት ሰማያዊ፣ በአምፖሉ በኩል ያለው ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል።

ኮሌታው ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በፎቶሾፕ `Info` ሰሌዳ ሲለካ፣ የኮሌታው ግራ ጎን ቀይ 205፣ አረንጓዴ 213፣ ሰማያዊ 224 ቢያሳይ፣ ቀኙ ደግሞ 221፣ 196 እና 158 ቢያሳይ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ነጭ ጨርቅ ምን ሊመስል እንደሚገባ በቁጥር ተገኘ ማለት ነው። የመለኪያው ስፋት `5 by 5 Average` ላይ ቢደረግ ይሻላል፤ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ልታሳስት ትችላለች። የዓይን ነጭና ጥርስ ለዚህ አይታመኑም፤ የመጀመሪያው ወደ ሮዝ፣ ሁለተኛው ወደ ቢጫ ያደላልና።

የቀሚሱ ፎቶ ሲመረጥ ለስላሳ ብርሃን ያለው ይፈለጋል። በጠንካራ ፀሐይ የተነሳ ቀሚስ የእጥፋቱ ጥላ ከጨርቁ ጋር የተጋገረ ያህል ስለሚሆን አቅጣጫውን ማስለወጥ አይቻልም። ፎቶውን ግራና ቀኝ መገልበጥ አንዳንዴ ይረዳል፤ ሆኖም ነጠላው በሌላው ትከሻ ላይ ይሄዳል፣ ቁልፍ ካለም በተቃራኒው ጎን ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ቀሚሱን ተመሳሳይ ቁመና ላለው ሰው አልብሶ፣ መስኮት በዚያው በኩል ባለበት ክፍል፣ ካሜራውን በዚያው ከፍታ ይዞ እንደገና ማንሳት ነው።

ሥራው ሲጀመር የብርሃን መጠን ይቀድማል፤ ቀለም ይከተላል። ጥላው ሳይስተካከል ቀለም የሚነካ ሰው ሁለቱን ደጋግሞ ለማረም ይገደዳል። ቀሚሱ ከሁለቱም ጎን እኩል የበራ ከሆነ፣ በላዩ 50 በመቶ ግራጫ ሌየር በ`Soft Light` ይደረግና ከመስኮቱም ከአምፖሉም የዞሩት እጥፋቶች በለስላሳ ብሩሽ ይጠቆራሉ። ከአምፖል የሚመጣ ብርሃን በርቀት ቶሎ ይዳከማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ትከሻው ላይ ያለው ቢጫ ጉልበት ላይ በዚያው ኃይል መታየት የለበትም።

ከዚያ ለቀሚሱ ብቻ የሚሠሩ ሁለት `Curves` ሌየሮች ይከፈታሉ፤ አንዱ ለመስኮቱ፣ ሌላው ለአምፖሉ። የቀሚሱ ብሩህ ክፍል በሦስቱም ቀለማት 225 ከሆነ፣ በአምፖሉ ሌየር ቀዩ ከ225 ወደ 221፣ አረንጓዴው ወደ 196፣ ሰማያዊው ወደ 158 ይወርዳል። ሌየሩ በማስክ ተሸፍኖ የሚገለጠው አምፖሉ በሚያየው ቦታ ብቻ ነው። የመስኮቱም በግራ በኩል እንዲሁ ይሠራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሙሉ ቀሚሱን በአንድ የቢጫ ማጣሪያ ሲያለብሱት ነው፤ ያኔ ቀሚሱ ሻይ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። በእውነተኛው ክፍል ውስጥ ግን አምፖሉ ያልደረሰበትን የእጥፋት ጥላ መስኮቱ ስለሚያገኘው፣ ጥላው ወደ ሰማያዊ ማድላት አለበት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዙ የፋብሪካ ሸሚዞች ማንጫ ኬሚካል ስላለባቸው በመስኮት ብርሃን ከእውነተኛው ነጭ ይበልጥ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ቀሚሱ ሳይነጣ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የተሸመነ ከሆነ፣ በመስኮቱ በኩል ሰማያዊውን ከኮሌታው በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ይገባል። የጥለቱም ቀለም ከጨርቁ ጋር አብሮ መለወጥ አለበት፤ ጥለቱ ደምቆ እንዲታይ ብሎ ከማስተካከያው ማስቀረት ሥራውን ያበላሻል።

ከሁሉ የሚረሳው ልብሱ ለፊት የሚመልሰው ብርሃን ነው። ጥቁሩ ሹራብ ብርሃን ይውጥ ስለነበር የአገጩ ሥር ጨለማ ነበር። ነጭ ቀሚስ ግን ብርሃን ወደ ላይ ይረጫል። ስለዚህ የአገጩ ሥርና የአንገቱ ጎን በመጠኑ መብራት አለባቸው፤ በመስኮቱ በኩል ቀዝቀዝ፣ በአምፖሉ በኩል ሞቅ ባለ ቀለም። በአንጻሩ አገጩ በቀሚሱ አንገት ላይ፣ ፀጉሩም በትከሻው ላይ ጥላ ይጥላሉ። ሶፋው ቀይ ከሆነ ቀሚሱ ሶፋውን በሚነካበት ጠርዝ ላይ ስስ ቀይ ይታያል።

ሲያልቅ ሁለት ጊዜያዊ ፍተሻ ይደረጋል። በላይ `Hue/Saturation` ሌየር ተከፍቶ የቀለሙ ጥንካሬ ወደ 60 ከፍ ሲል፣ ያልተስማማ ቀለም ወዲያው ይጮኻል፤ የአንገቱ ቆዳ ብርቱካን ሆኖ አጠገቡ ያለው ጨርቅ ግራጫ ከቀረ የአምፖሉ ሌየር አልበቃም። ከዚያ ጥንካሬው ወደ -100 ይወርድና ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሲሆን የጥላው አቅጣጫና ጥልቀት ብቻውን ይመረመራል። የቀሚሱ ብሩህ ቦታ በመነሻው ፎቶ 255 ደርሶ የሽመናው መስመር ከጠፋ ግን ቀለም ቢቀባበትም ጠፍጣፋ ንጣፍ ከመሆን አያልፍም፤ ያን ጊዜ ሌላ የቀሚስ ፎቶ መፈለግ ግድ ነው።