ከማንኮራፋት ባሻገር፦ በእንቅልፍ ጊዜ የሚቋረጥ ትንፋሽ

ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንዳንዶች ላይ ግን የአየር መተላለፊያው ይዘጋል፤ ደረት አየር ለመሳብ ቢታገልም ትንፋሽ ይቋረጣል። አንጎል ለቅጽበት ነቅቶ መተላለፊያውን ያስከፍታል፤ ሰውየው ግን ጠዋት አያስታውሰውም።

በእንቅልፍ ምርመራ የአንጎል ሞገድ፣ የአየር ፍሰት፣ የደረት እንቅስቃሴና የደም ኦክስጅን ሌሊቱን ሙሉ ይመዘገባሉ። ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየ የትንፋሽ መቋረጥ ሁሉ ይቆጠራል። ኦክስጅንን የቀነሰ ወይም እንቅልፍን ያናጋ የትንፋሽ መሳሳትም እንዲሁ ይቆጠራል። ድምሩም ለእንቅልፍ ሰዓቱ ይካፈላል።

ለምሳሌ 8 ሰዓት አልጋ ላይ ቆይቶ 6 ሰዓት ብቻ የተኛ ሰው 90 መቋረጥና 102 መሳሳት ቢመዘገብበት፣ 192 ለ6 ተካፍሎ በሰዓት 32 ይሆናል። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 ጀምሮ ከባድ ስለሚባል፣ ሕመሙ ከባድ ነው። ለ8 ቢካፈል ግን ውጤቱ 24 ሆኖ መካከለኛ ይመስል ነበር። የአንጎል ሞገድ የማይመዘግብ የቤት ምርመራ ሕመሙን አሳንሶ ሊያሳይ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለሕክምናው የሚውለው ሲፓፕ የተሰኘው መሣሪያ ኦክስጅን አይሰጥም። በጭምብል በኩል የሚነፋው የክፍሉ አየር በግፊቱ ጉሮሮውን ከውስጥ ደግፎ ክፍት ያደርገዋል። ጭምብሉ በወለቀበት ሌሊት ግን መዘጋቱ ይመለሳል። ጠዋት አፍ ከደረቀ ወይም ዓይን ከቆጠቆጠ አየር እያፈተለከ ሊሆን ስለሚችል፣ ጭምብሉ በባለሙያ ሊስተካከል ይገባል።