ስለ ገበያ ዋጋ ጥናት ለርእሰ መምህር የሚጻፍ ማስታወሻ

የገበያ ቀን በሳምንቱ መካከል በሚውልባቸው ከተሞች ለርእሰ መምህር ከወላጆች ከሚደርሱት ማስታወሻዎች ብዙዎቹ አንድ ዐይነት ናቸው፤ «ልጄ ሐሙስ ዕለት ጉዳይ ስላለበት ይፈቀድለት» ይላሉ። ጉዳዩ ምን እንደ ሆነ ርእሰ መምህሩ አያጣውም። ልጁ እናቱ እህል ስትሸጥ ከጐኗ ቆሞ ይረዳታል፤ ወይም ገበያው እስኪበተን ድረስ ታናናሾቹን ይዞ ቤት ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ ወላጅ ልጁ በእውነት የገበያ ዋጋ እንዲያጠና ፈቃድ ሲጠይቅ፥ ማስታወሻው ከእነዚያ ጋራ ተደባልቆ እንደ እነርሱ ይነበባል። እኛም በመምህርነት ሥራችን እንዲህ ያሉትን ወረቀቶች ስናይ ኖረናልና የርእሰ መምህሩ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት ነው ለማለት አንደፍርም።

«ልጄ ስለ ኑሮ ውድነት ጥናት ስለሚያደርግ ይፈቀድለት» ብሎ መጻፍ ጥርጣሬውን አያነሣም። ስንት ቀን? በስንት ሰዓት? ከማን ጋራ? ምንስ ይዞ ይመለሳል? ለእነዚህ የሚመልስ ማስታወሻ ረዥም መሆን አያስፈልገውም። የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ያላት፥ ልጇም እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ብቻ የሚማር አንዲት እናት እንዲህ ብላ ትጽፋለች እንበል።

«ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር። ጉዳዩ፦ ለልጄ የገበያ ዋጋ ጥናት ፈቃድ ስለ መጠየቅ። ልጄ በሒሳብ ትምህርቱ የተማረውን የመቶኛ ስሌት በቤታችን ወጪ ላይ ለመሞከር፥ የሰርገኛ ጤፍ፥ የቀይ ሽንኩርት፥ የምስርና የምግብ ዘይት ዋጋ በአራት ተከታታይ ሐሙሶች ለመመዝገብ አስቧል። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት ከ5 ሰዓት ጀምሮ እንዲወጣ ይፈቀድለት ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወደ ገበያ የሚሄደው ከእኔ ጋራ ነው፤ ዕቃ አይሸጥም፥ ሸክምም አይሸከምም። ያመለጠውን ትምህርት በዚያው ቀን ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል። ሰንጠረዡን ለሒሳብ መምህሩ ያቀርባል፤ የቤታችን ወጪ ግን በክፍል ፊት እንዳይነበብ እለምናለሁ። ከሠላምታ ጋራ።»

በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ከሁሉ የምትበልጠው ቃል «ዕቃ አይሸጥም» የምትለው ናት፤ ርእሰ መምህሩ ሊጠይቅ ያፈረውን እናቲቱ ራስዋ አስቀድማ መለሰችለት። የመጨረሻዪቱም ልመና ከንቱ አይደለችም። ዘይት በአምስት ሊትር የሚገዛ ቤት አለ፥ በስኒ የሚገዛም ቤት አለ፤ የሁለቱ ልጆች ሰንጠረዥ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጐን ለጐን ከተጻፈ በዕረፍት ሰዓት መሳለቂያ የሚሆነው ማን እንደ ሆነ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። ደግሞም በስኒ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ለአንዱ ሊትር የሚከፍለው ይበልጣል።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ጥናቱን የሚያበላሸው መስፈሪያው ነው። ሽንኩርት በብዙ ገበያ የሚሸጠው በመደብ ነው፤ የመደቡ ዋጋ ሳይለወጥ መደቡ ራሱ ያንሳል። ዋጋዎቹን ለምሳሌ ያህል ብንወስድ፥ በመጀመሪያው ሐሙስ አንድ መደብ ሽንኩርት 50 ብር ነበረ፥ በአራተኛውም ሐሙስ 50 ብር ነው። ልጁ ይህን ብቻ ከጻፈ «ሽንኩርት አልተወደደም» ይላል። ነገር ግን እናቱ የገዛችውን ቤት ወስዶ በሚዛን ቢያስቀምጠው የመጀመሪያው አንድ ኪሎ፥ የኋለኛው ግን 800 ግራም ሆኖ ያገኘዋል። እንግዲህ ኪሎው ከ50 ብር ወደ 62 ብር ከ50 ሳንቲም ወጥቷል፤ ይኸውም ከመቶ 25 ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ከዋጋው ዐምድ አጠገብ የክብደት ዐምድ ሊኖረው ይገባል። በጣሳ የሚሰፈረው ምስርም እንዲሁ ነው፤ ጣሳው ከነጋዴ ነጋዴ ይለያያል፥ አንዱ አፉን ሞልቶ ይከምራል፥ ሌላው በእጁ ይጠርገዋል።

ከዚህ ሌላ ልጁ የተጠራውን ዋጋና የተከፈለውን ዋጋ እንዳያደባልቅ ይጠንቀቅ። ነጋዴው 60 ብሎ ጠርቶ እናቱ ተከራክራ በ50 ብትገዛ የሚጻፈው 50 ነው፤ በአንዱ ሳምንት የተጠራውን፥ በሌላው የተከፈለውን የጻፈ እንደ ሆነ ግን የሚለካው የእናቱን የመከራከር ችሎታ እንጂ ገበያውን አይደለም። በክርክሩ መካከል ደብተር ባይገለጥም መልካም ነው። ደብተርና እርሳስ ይዞ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ከንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም ከግብር ሰብሳቢ የተላከ ይመስላልና፥ ነጋዴው ወይ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይናገራል ወይ ፊቱን ያዞራል። እናቲቱ ገዝታ ፈቀቅ ሲሉ ይጻፍ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንሂድ። ልጁ ሽንኩርት ከመቶ 25፥ ጤፍ ደግሞ ከመቶ 4 እንደ ጨመሩ ቢያገኝ፥ የቤቱን ኑሮ ያከበደው ሽንኩርት ነው ለማለት ይቸኩላል። ነገር ግን ቤቱ በወር 30 ኪሎ ጤፍ በ150 ብር ሒሳብ ቢገዛ ወጪው 4,500 ብር ነው፤ የዚህ ከመቶ 4 የሆነው 180 ብር ይሆናል። ሽንኩርቱ በወር 4 ኪሎ በ50 ብር ቢሆን ወጪው 200 ብር ነው፤ የዚህም ከመቶ 25 የሆነው 50 ብር ብቻ ነው። በጥቂቱ የጨመረው ጤፍ ብዙ ከጨመረው ሽንኩርት ከሦስት እጥፍ በላይ ኪስን ጐድቷል ማለት ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የኑሮ ዋጋን መለኪያ በየወሩ ሲያወጣ ለእያንዳንዱ ዕቃ በቤተ ሰብ ወጪ ውስጥ ባለው ድርሻ መጠን ክብደት የሚሰጠው ስለዚሁ ነው። ቤቱ በወር ምን ያህል እንደሚገዛ ልጁ ከእናቱ ጠይቆ ካልጻፈ ግን ይህን ሊያሰላ አይችልም፤ ጥናቱ በገበያ ብቻ ሳይሆን በቤት ውስጥም የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ማስታወሻው በዐቢይ ጾም መካከል ለርእሰ መምህሩ ደርሶ፥ አራቱን ሐሙሶች በቀን መቁጠሪያ ላይ ቢቈጥራቸው አራተኛው በጸሎተ ሐሙስ ላይ ዋለ እንበል። በዚያ ቀን ገበያ የሚወጣው ሕዝብ ለፋሲካ የሚሆነውን ሁሉ የሚገዛ ነው፤ ለዶሮ ወጥ የሚከተፈውም ሽንኩርት ስንት እንደ ሆነ ባለቤቲቱ ታውቀዋለች። ልጁ መዝገቡን በዚያ ቀን ቢዘጋ የበዓሉን ግርግር የኑሮ ውድነት አድርጎ ይጽፈዋል። ሁለቱ የሚለዩት ከበዓል በኋላ ነው፤ መደቡ ወደ ቀድሞው ክብደቱ ከተመለሰ ጭማሪው የበዓል ነበረ፥ ካልተመለሰ ግን ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል።

ስለዚህ አስተዋይ ርእሰ መምህር በማስታወሻው ግርጌ እንዲህ ብሎ ጽፎ ማኅተሙን ያደርግበታል፦ «ተፈቅዷል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያለው ሐሙስ አምስተኛ ሆኖ ይጨመር። ከሐሙሶቹ አንዱ ፈተና የሚሰጥበት ቀን ከሆነ ልጁ ከክፍል አይወጣም፤ የዚያ ሳምንት መስመር ባዶ ይተው እንጂ በግምት አይሞላ።»