ከኔትወርክ ርቆ ለሚከርም ላፕቶፕ የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?

ሊኑክስ ልትጭኑ ስትነሡ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ የስሞቹ ብዛት ነው፤ ደቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ አርች፣ ፌዶራ እያለ ይቀጥላል። ስም ከመምረጣችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ሲስተም ስምንት ወር ኢንተርኔት ሳያገኝ ቢከርም፣ በተገናኘ ቀን ምን ያጋጥመዋል? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ስለቆየ፣ ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ይህ በእውን የደረሰ ነገር ነው።

ሊኑክስን አሰናድተው የሚያወጡት ቡድኖች በሁለት መንገድ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ፊክስድ ሪሊዝ ይባላል። በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች እርስ በርስ ተስማምተው መሥራታቸው ይፈተሽና በአንድ ዕትም ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ቨርዥናቸው በአብዛኛው አይለወጥም። ነገሩ የመማሪያ መጽሐፍ ዓይነት ነው፤ ስሕተት ሲገኝ የእርማት ወረቀት ይጨመርበታል እንጂ ምዕራፎቹ እንደ አዲስ አይጻፉም። ደቢያን፣ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት በዚህ መንገድ ይወጣሉ። ሁለተኛው ሮሊንግ ሪሊዝ ነው። እዚህ ዕትም የሚባል ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም አዲስ ቨርዥን ሲወጣለት ብዙም ሳይቆይ ወደ እናንተ ይመጣል። አርች ሊኑክስና ኦፕንሱዜ ተምብልዊድ የታወቁት ናቸው።

አሁን ሁለት ላፕቶፖችን እናስብ። አንዱ ቢቸና ነው፤ ሰኔ 2015 ላይ ገና የወጣው ደቢያን 12 ተጭኖበታል። ሌላው ሞጣ ነው፤ በዚያው ሰሞን አርች ተጭኖበታል። ሁለቱም የሚሠሩት ደብዳቤ መጻፍና የፈተና ወረቀት ማዘጋጀት ነው። ኔትወርክ ጠፋ፤ ሁለቱም ያለ ችግር ሥራቸውን ቀጠሉ። ሊኑክስ ስላልታደሰ ብቻ ሥራ አያቆምም። ሚያዝያ 2016 ላይ ባለቤቶቹ በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡና ከዋይፋይ ጋር ተገናኙ።

የቢቸናው ሰው ይህን ይጽፋል፦

```
sudo apt update
sudo apt upgrade
```

የሚወርደው በስምንት ወሩ የተጠራቀመው እርማት ነው። ከርነሉ ያው 6.1፣ ሊብረኦፊስም ያው 7.4 ነው። የደቢያን ሰዎች የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ አዲሱን ቨርዥን በመላክ ፈንታ መድፈኛውን ብቻ ወስደው አሮጌው ላይ ይገጥሙታል። ፋየርፎክስ ከዚህ ልማድ ውጪ ነው፤ የድሮው ቨርዥን ድጋፉ ስለሚያበቃ ከ102 ወደ 115 ይዘላል። ከዚያ በቀር ሰውየው ትናንት ያውቀው በነበረው ኮምፒውተር ላይ ሥራውን ይቀጥላል።

የሞጣው ሰው ደግሞ `sudo pacman -Syu` ይላል። አርች ባለፉት ወራት ብዙ ርቀት ሄዷል። ከርነሉ ከ6.4 ወደ 6.8፣ ሊብረኦፊስ ከ7.5 ወደ 24.2 ደርሷል፤ ኬዲኢ የተባለውን ዴስክቶፕ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ከፕላዝማ 5 ወደ ፕላዝማ 6 ይሻገራል። ስለዚህ አብዛኛው ሲስተም እንደ አዲስ ይወርዳል። ከማውረዱም በፊት ሌላ እንቅፋት ሊመጣ ይችላል። እያንዳንዱ ፓኬጅ በአዘጋጁ ዲጂታል ፊርማ የታተመ ነው፤ ላፕቶፑ የሚያውቃቸው የፊርማ ቁልፎች ግን የስምንት ወር አሮጌዎች ናቸው። ስክሪኑ ላይ `unknown trust` የሚል ቃል ከታየ ምክንያቱ ይህ ነው። መፍትሔውም ቁልፎቹን ማስቀደም ነው፦

```
sudo pacman -Sy archlinux-keyring
sudo pacman -Su
```

ሁለተኛውን መስመር ፈጽሞ አትዝለሉት፤ የአርች ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚያ ነው። ሰውየው ዳታ ለመቆጠብ ብሎ ሙሉውን እድሳት ትቶ አንድ ፕሮግራም ብቻ በ`pacman -Sy` ጫነ እንበል። ፕሮግራሙ የተሠራው ከአዲሶቹ ላይብረሪዎች ጋር ነው፣ ላፕቶፑ ላይ ያሉት ግን አሮጌዎቹ ናቸው። ሲከፍተው እንዲህ የሚል መልእክት ይመጣል፦

```
error while loading shared libraries: libicuuc.so.74
```

ላፕቶፑ ያለው 73ኛው ነው፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገው 74ኛውን። አርች ከፊል እድሳትን አይደግፍም፤ ወይ ሁሉም አንድ ላይ ይታደሳል፣ ወይ ሁሉም ባለበት ይቆያል። ደቢያን 12 ላይ ግን ሁሉም ፕሮግራም ለአንድ ዕትም ስለተሠራ፣ `apt update` ብሎ አንድ ፕሮግራም ብቻ መጫን እንዲህ ያለ አደጋ የለውም። ዳታውን በሜጋባይት እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህ ልዩነት ከሁሉ ይበልጣል።

«አዲስ ቨርዥን የበለጠ አስተማማኝ አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2024 ይፋ ያደረገው ጉዳይ ለዚህ ጥሩ መልስ ነው። በርቀት ወደ ኮምፒውተር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጠረው፤ ሲመረምር ፋይል ለመጭመቅ በሚያገለግለው ኤክስዜድ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። ችግሩ ያለው በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥኖች ብቻ ነበር። ተምብልዊድ፣ አርችና የደቢያን የሙከራ ቅርንጫፎች አዲሱን ቨርዥን ተቀብለው ነበር፤ በአርች ላይ በሩ የሚከፈትበት መንገድ ስላልነበረ ተረፈ እንጂ ቨርዥኑስ ገብቶ ነበር። ደቢያን 12 ግን 5.4.1 ላይ ስለነበር ነገሩ ጨርሶ አልነካውም። የፊክስድ ሪሊዝ መዘግየት ሌሎች ቀድመው እንዲፈትሹ ጊዜ ይሰጣል።

መዘግየቱ ዋጋም አለው። ዘንድሮ የተሠራ ላፕቶፕ ከገዛችሁ፣ የድሮው ከርነል ዋይፋዩን ላያውቀው ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ `ip link` ስትሉ `wlan0` ወይም በ`wl` የሚጀምር ሌላ ስም አይታይም። ሮሊንግ እዚህ ላይ ይበልጣል፤ ደቢያንም ቢሆን ባክፖርትስ በሚባለው ክፍሉ አዲስ ከርነል ያቀርባል። ጥቂት ዓመታት ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ይህ ችግር ብዙም አይገጥማችሁም። ሌላው ዋጋ ትልቁ ሽግግር ነው። ደቢያን በየሁለት ዓመቱ ገደማ አዲስ ዕትም ያወጣል፤ 13ኛው ነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በዚያን ጊዜ ፋይላችሁን በፍላሽ አስቀምጣችሁ፣ ጥሩ መስመር ፈልጋችሁ መሻገር አለባችሁ። ቀኑን የምትመርጡት ግን እናንተ ናችሁ፤ ለ12ኛው ዕትም የረጅም ጊዜ የደኅንነት ድጋፍ እስከ ሰኔ 2028 እ.ኤ.አ. ስለሚቀጥል አያስቸኩልም።

ስለዚህ ቤታችሁ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ የማይቋረጥ መስመር ካለው፣ በየሳምንቱ ለማደስና ከማደሳችሁ በፊት የአርችን የዜና ገጽ ለማንበብ ከወደዳችሁ፣ ሮሊንግ ይስማማችኋል። ኔትወርኩ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ደቢያንን ወይም ሊኑክስ ሚንትን ጫኑ። ስትጭኑም ኔትወርክ ሳለ `apt-offline` የተባለችውን ፓኬጅ አብራችሁ ጨምሩ። ላፕቶፑ የሚፈልገውን ዝርዝር በፍላሽ ላይ ትጽፍላችኋለች፤ ፍላሹን አዲስ አበባ ለሚሄድ ወዳጅ ትሰጡታላችሁ፣ እሱም ይቺው ፓኬጅ ባለችበት ኮምፒውተር አውርዶ ይመልስላችኋል። መጀመሪያ የፓኬጆቹ ማውጫ፣ ቀጥሎ ራሳቸው ፓኬጆቹ ስለሚመጡ ፍላሹ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ ላፕቶፑ ግን ከቢቸና ሳይነሣ ይታደሳል።