ስልኩ ኪስ ውስጥ ሳለ ባትሪውን የሚበላው ማን ነው?

አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ገብተው Battery፣ ቀጥሎም Battery usage ሲሉ የአፖች ዝርዝር ከነፐርሰንቱ ይመጣል። ብዙ ሰው አናት ላይ ያለውን አይቶ «ባትሪዬን የጨረሰው ይሄ ነው» ይላል። ከላይ መገኘት ብቻውን ግን ጥፋተኛ አያደርግም።

መጀመሪያ ፐርሰንቱ ከምን ላይ እንደተሰላ ይወቁ። የሁሉም አፖች ቁጥር ተደምሮ ወደ 100 ከተጠጋ፣ የተሰላው እስካሁን ካለቀው ላይ እንጂ ከሙሉው ባትሪ ላይ አይደለም። ባትሪዎ ከ100 ወደ 50 ወርዷል እንበል። ዩቲዩብ 40፣ ጎግል ፎቶስ ደግሞ 24 ፐርሰንት ቢያሳዩ፣ ከሙሉው ባትሪ የወሰዱት 20 እና 12 ነው ማለት ነው።

አሁን እያንዳንዱን ስም ይንኩ። ዋናው መረጃ ያለው እዚህ ነው፦ Screen time አፑ ስክሪን ላይ ተከፍቶ የቆየበት ጊዜ ሲሆን፣ Background ደግሞ እርስዎ ሳያዩት የሠራበት ነው። ዩቲዩብ ሁለት ሰዓት ስክሪን ላይ ቆይቷል፤ ቪዲዮ ያዩበት ስለሆነ ሒሳቡ ትክክል ነው። ፎቶስ ግን ስክሪን ላይ 2 ደቂቃ፣ ከጀርባ 4 ሰዓት ይላል። ያቺ 2 ደቂቃ 12 ፐርሰንት ልትበላ አትችልም። የበላው የጀርባው ሥራ ነው።

ምን ይሠራ ነበር? ትናንት ሠርግ ላይ የቀረጹትን ቪዲዮ ሁሉ ወደ ጎግል አካውንትዎ እየጫነ ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ ሲደክም ጭነቱ ይጓተታል፣ የስልኩ ሬዲዮም ሳያርፍ ይቆያል። ስለዚህ ለመፍረድ አይቸኩሉ፤ በማግስቱ እንደገና ይዩት። ቁጥሩ ከወረደ ሥራው አልቋል። በየቀኑ አዲስ ፎቶ ሳይኖር እንዲሁ ከቀጠለ ግን ችግር አለ። የሰዓት ግራፍ የሚያሳይ ስልክ ካለዎት፣ የተኙበትን ሰዓት ነክተው በዚያ ሰዓት የነቃው የትኛው አፕ እንደሆነ ማየት ይችላሉ።

ከጀርባ ብዙ መሥራት ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። ስክሪኑን አጥፍተው መዝሙር ወይም ዘፈን ሲያዳምጡ የሚቆጠረው በዚሁ በኩል ነው።

ለፎቶስ የሚበጀው Backup የሚለውን ቀን አጥፍቶ፣ ማታ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሰካ መክፈት ነው። ጨርሶ ከጀርባ መሥራት የማያስፈልገው ጌም ወይም የገበያ አፕ ከሆነ፣ በዚያው የባትሪ ገጹ ላይ Restricted የሚለውን ይምረጡለት። ቴሌግራምን ወይም ዋትስአፕን ግን እንዲህ ቢገድቡ መልእክት ሊዘገይብዎ ይችላል፤ አንዳንዴም አፑን እስኪከፍቱ ድረስ ላይደርስዎ ይችላል። ውጭ ያለ ዘመድ የሚደውልልዎ በእነዚህ ከሆነ አይንኳቸው።